«ዋጋ» ብቻ ብሎ ለሚጽፍ ደንበኛ ምን ይመለሳል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ የተዘጋጀው በባሕር ዳር የሀበሻ ልብስ እየሸጡ ምርታቸውን በቴሌግራምና በፌስቡክ ለሚያሳዩ ሱቆች ነው። ፎቶ በተለጠፈ ቁጥር «ዋጋ»፣ «ስንት ነው»፣ አንዳንዴም የጥያቄ ምልክት ብቻ ይመጣል። ከዚያ ወዲያ ያለው ንግግር ብዙ ጊዜ በመጀመሪያው መልስ ይወሰናል። እዚህ የተጠቀሱት ዋጋዎች ለምሳሌ ያህል ናቸው፤ የራስዎን ይተኩባቸው።

አንድ ቃል ብቻ የሚጽፍ ሰው የምር ሊገዛ ነው ወይስ ጊዜ ሊያባክን?

ከአንድ ቃል ማወቅ አይቻልም፤ ለማወቅ መሞከርም አያስፈልግም። አብዛኛው ጠያቂ ባጃጅ ውስጥ ሆኖ፣ በሥራ መሀል ወይም ማታ ጋደም ብሎ ስልኩን እየነካካ ነው የሚጽፈው። ረጅም ጥያቄ ያልጻፈው ስላልፈለገ ሳይሆን ገና ከአቅሙ በላይ መሆን አለመሆኑን ስላላወቀ ነው። 2,000 ብር የያዘና 6,000 ብር የያዘ ሰው የሚጽፉት ያንኑ «ዋጋ» የሚል ቃል ነው።

ሱቅ ድረስ የመጣ ሰው ጨርቁን ዳሰስ አድርጎ «ይሄስ ስንት ነው?» ቢል ማንም አይቆጣውም። በስልክ ሲሆን ግን ሻጩ «ደርቅ ነው» ብሎ ይበሳጫል፣ ብስጭቱም በመልሱ ላይ ይታያል። አጭር ጥያቄ ንቀት አይደለም።

ታዲያ የመጀመሪያው መልስ ምን ምን ይያዝ?

አራት ነገር፣ በዚሁ ቅደም ተከተል፦ ዋጋው፣ በዋጋው ውስጥ የሚካተተው፣ አሁን መኖር አለመኖሩ፣ በመጨረሻም አንድ ቀላል ጥያቄ። ለምሳሌ፦

«እንደምን ዋሉ። ቁ. 27 የፈትል ቀሚስ ከነነጠላውና ከነመቀነቱ 4,800 ብር ነው። ሚዲየምና ላርጅ አሁን ሱቅ ውስጥ አለ። ለመቼ ነው የፈለጉት?»

ዋጋው ወደ ፊት የሚወጣው የተጠየቀው እሱ ስለሆነ ነው። ሦስት መስመር ስለ ጨርቁ ጥራት አውርተው ዋጋውን መጨረሻ ላይ ቢያስቀምጡ አንባቢው ቁጥሩን ሲፈልግ የቀረውን ይዘለዋል፤ «ይሄ ሁሉ ወሬ ውድ ቢሆን ነው» ብሎም ይጠረጥራል።

የሚካተተውን መጥቀስ ለሀበሻ ልብስ ከማንኛውም ዕቃ በላይ ያስፈልጋል። አንዱ ሱቅ 4,000 ብር ሲል ቀሚሱን ብቻ ነው፣ ሌላው 4,800 ሲል ነጠላና መቀነት ጨምሮ ነው። ደንበኛው ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ሲያይ የእርስዎ 800 ብር ይወደድበታል። ነጠላው ለብቻው 900 ብር የሚሸጥ ከሆነ በእውነቱ የእርስዎ ረክሷል፤ ካልነገሩት ግን ከየት ያውቃል? የጨርቁን ዓይነትም እንዲሁ። የፈትልና የመነን ቀሚስ በስልክ ፎቶ ላይ ተመሳስለው ይታያሉ፤ በእጅ የተፈተለውና በፋብሪካ ክር የተሠራው ግን አንድ ዋጋ የላቸውም። «የፈትል» የምትለዋ አንዲት ቃል የዋጋውን ምክንያት ትናገራለች።

ቁጥሩን ሙሉውን ይጻፉ። «4.8» ብሎ መጻፍ በሻጮች ዘንድ ተለምዷል፤ ደንበኛ ግን ይደናገርበታል፣ በተለይ ዕድሜያቸው ገፋ ያለ እናቶች።

መጨረሻ ላይ የሚጠየቀው ጥያቄ ለምን «ለመቼ ነው?» ሆነ?

ለሁሉም ዕቃ አይሆንም፤ ለልብስ ግን ከዚህ የሚሻል የለም። የሀበሻ ቀሚስ የሚገዛ ሰው ብዙውን ጊዜ ቀን አለው፤ ጥምቀት፣ ፋሲካ፣ የእህት ሠርግ፣ ክርስትና፣ ምርቃት። ቀኑ ሲታወቅ ብዙ ነገር አብሮ ይወሰናል። ለፊታችን ቅዳሜ ከሆነ ከተሰፋው ውስጥ ነው የሚመረጠው፤ ወር ከቀረው በልኩ ማሰፋት ይቻላል። ቀን ያለው ሰው ደግሞ ውሳኔውን ላልተወሰነ ጊዜ አያሳድረውም።

ከዚህ ጋር አወዳድሩት፦ «ምን ልርዳዎት?»፣ «ይፈልጉታል?»፣ «ልላክልዎ?»። የመጀመሪያው ለደንበኛው ሥራ ይሰጠዋል። ሁለተኛው «አይ፣ ዝም ብዬ ነው» የሚል መልስ ይጋብዛል። ሦስተኛው ገና ዋጋ ለጠየቀ ሰው ግፊያ ነው። «ለመቼ ነው?» ግን በአንድ ቃል ይመለሳል፦ «ለቅዳሜ»። አንድ ቃል ጽፎ ለመጣ ሰው በአንድ ቃል የሚመለስ ጥያቄ ይመቸዋል።

በአንድ መልእክት ከአንድ ጥያቄ በላይ አይጠይቁ። «ለመቼ ነው? ልክዎ ስንት ነው? የት ነዎት? ቀለሙስ?» ተብሎ በአንዴ ሲዥጎደጎድ፣ ሰውየው ቅጽ የሚሞላ ይመስለውና «በኋላ እመልሳለሁ» ብሎ ስልኩን ያስቀምጣል። በኋላ የሚባለው ደግሞ አይመጣም።

«ለዋጋ ኢንቦክስ» ብንል ምን ችግር አለው? ሁሉም እንደዚያ ያደርጋል።

ሁሉም ስለሚያደርገው ነው ዋጋ በግልጽ የሚጽፍ ሱቅ ጎልቶ የሚታየው። ከፎቶው ሥር «ዋጋ» ብሎ የጻፈው አንድ ሰው ነው፤ መልሱን የሚጠብቁ ግን ሌሎችም አሉ፣ ለመጻፍ ያፈሩ ወይም የሰነፉ። «ኢንቦክስ» ሲባሉ እነሱ ይሄዳሉ። የጠየቀውም ቢሆን ሁለተኛ በር እንዲያንኳኳ ነው የተላከው።

ለመደበቅ የሚሰጡት ምክንያቶች ሁለት ናቸው። አንደኛው ተፎካካሪ ዋጋችንን እንዳያይ የሚል ነው። ተፎካካሪ ማወቅ ከፈለገ በእህቱ ስልክ «ዋጋ» ብሎ ይጽፋል፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅበትም። ሁለተኛው ሰው እያየን ዋጋ እንቆርጣለን የሚል ነው፤ ይሄ ትንሽ ጥቅም ቢኖረውም ሁለት ጓደኛሞች የተነገራቸውን ሲያወዳድሩ የሚደርሰው ጉዳት ይበልጣል። በዚያ ላይ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ የሚሸጠውን ዕቃ ዋጋ በሱቁ ውስጥ በግልጽ በሚታይ ቦታ እንዲለጥፍ ወይም በዕቃው ላይ እንዲያኖር ያዛል። ሱቅ ውስጥ የተለጠፈውን ዋጋ ፎቶው ሥር መደበቅ ትርጉም የለውም።

የሚሻለው ከፎቶው ሥር ዋጋውን መልሶ፣ ልክና አድራሻን የመሰለውን የግል ጉዳይ ወደ ውስጥ መውሰድ ነው፦ «ከነነጠላው 4,800 ብር ነው። ልክዎን በውስጥ መስመር ይጻፉልኝና መኖሩን አይቼ ልንገርዎ።» ዋጋውን ካወቀ በኋላ ወደ ውስጥ የገባ ሰው በግማሽ ወስኖ ነው የገባው።

ዋጋው እንደ ልኩና እንደ ጥልፉ ቢለያይስ? «ከ3,500 እስከ 6,500» እንበል?

አይበሉ። ደንበኛው የሚሰማው 3,500ን ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ የሚነግሩት ቁጥር ሁሉ ጭማሪ ሆኖ ይታየዋል። መጀመሪያ ፎቶው ላይ የሚታየውን፣ ያንኑ ቀሚስ፣ በአንድ ቁርጥ ዋጋ ይንገሩ። ልዩነቱ ከዚያ ይከተላል፦ «ፎቶው ላይ ያለው 4,800 ብር ነው። ደረቱ ላይ ብቻ ጥልፍ ያለው 3,900 አለን፤ እጅጌውም ጫፉም የተጠለፈው 5,600 ይደርሳል።» አሁን 3,900 እንደ ሌላ ምርጫ ነው የሚታየው፤ ሰውየውም ብሩን ሳይናገር አቅሙን መጠቆም ይችላል። «የ3,900ውን ፎቶ ላኪልኝ» ካለ ነገሩ ገባዎት ማለት ነው፤ ተከትለው 5,600ውን አይላኩበት።

በቴሌግራም «ዋጋ» ይላል፣ የትኛውን እንደሆነ ግን አናውቅም።

ይህ የደንበኛው ጥፋት አይደለም። ቻናሉ ላይ ፎቶ አይቶ ወደ እርስዎ አካውንት ሲሻገር የትኛውን ፖስት እንዳየ የሚነግርዎ ነገር የለም። መፍትሔው ከመለጠፍ በፊት ነው ያለው፤ እያንዳንዱ ፎቶ ሥር ቁጥር ይስጡ፣ ቁጥሩንም በሱቁ ውስጥ በዕቃው ላይ ያንጠልጥሉት። ከፎቶው ሥር ደግሞ ቁጥሩን ይዞ የሚከፈት ሊንክ ማስቀመጥ ይቻላል፦

```
https://t.me/SUQ_NAME?text=27
```

`SUQ_NAME` በሚለው ፋንታ የራስዎን የተጠቃሚ ስም ያስገቡ። ደንበኛው ሲነካው ለእርስዎ የሚጽፍበት ሳጥን 27 ተጽፎበት ይከፈትለታል፤ መላክ ብቻ ነው የሚቀረው። ያኔ «ዋጋ» ባይልም የፈለገውን ያውቃሉ።

ቁጥር ሳይኖር «ዋጋ» ብቻ ከመጣ «የቱን?» ብለው አይመልሱ፤ ተመልሶ የሚፈልግበት ትዕግሥት የለውም። በዚያ ሳምንት የለጠፏቸውን ሁለት ወይም ሦስት ፎቶዎች ከነዋጋቸው ልከው «ከነዚህ አንዱ ነው?» ይበሉ። ከሦስት በላይ ከሆነ ግን ምርጫው ራሱ ያደክማል።

ስም ብቻ አይተን ሴት ይሁን ወንድ ሳናውቅ እንዴት እንጻፍ?

«እርስዎ» ይበሉ። ለሴትም ለወንድም ይሆናል፣ ከትንሽም ከትልቅም ጋር አያጣላም። ደንበኛው ራሱ «አንቺ» ብሎ ከጀመረና የዕድሜ እኩያ መሆኑ ከታወቀ መላላት ይቻላል። «ውዴ»፣ «ማሬ» የሚሉትን ይተዉአቸው። የሚስቱን ቀሚስ የሚጠይቅ ባል ወይም ለልጃቸው ሠርግ የሚፈልጉ እናት ከማያውቁት ሱቅ «ውዴ» ሲባሉ ደስ አይላቸውም። የሀበሻ ቀሚስ የሚጠይቅ ሁሉ ለራሱ የሚለብስ ነው ብለውም አይነሡ።

ከ«ለመቼ ነው?» በኋላ ንግግሩ እንዴት ይቀጥላል? አንድ ሙሉ ምሳሌ ብታሳዩን።

ማክሰኞ ማታ ነው። ከቁ. 27 ፎቶ የመጣ ሰው «ዋጋ» አለ፣ ከላይ ያለው መልስ ተላከለት።

— «ለቅዳሜ»
— «ለቅዳሜ ይደርሳል። ለራስዎ ነው ወይስ ለሌላ ሰው?»
— «ለእናቴ ነው። ልኳን አላውቅም»

እዚህ ላይ ብዙ ሻጭ «ልኩን ጠይቀው ይንገሩኝ» ይልና ያቆማል። ሽያጩም እዚያው ይቀራል፤ ልጅየው እናቱን ማስደነቅ ከፈለገ ልክ ሊጠይቃቸው አይችልም። መንገድ ይስጡት፦

— «ችግር የለም። ቤት ውስጥ ከሚለብሱት ቀሚስ አንዱን ጠፍጣፋ ቦታ ዘርግተው ሁለት ነገር ይለኩልኝ፦ ከብብት እስከ ብብት ያለውን ስፋት፣ ከትከሻ እስከ ታች ያለውን ርዝመት። ሜትር ከሌለ በክር ለክተው ክሩን ማስመሪያ ላይ ያድርጉት።»
— «ስፋቱ 52፣ ርዝመቱ 132»

ስፋቱ በእጥፍ 104 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ሱቅ ውስጥ ያለውን ላርጅ በሜትር ይለኩት፤ በመለያው ላይ ብቻ አይመኑ፣ በእጅ የሚሰፋ ልብስ እንደ ልብስ ሰፊው ይለያያልና። ላርጁ 110 ቢሆን ለእናት የሚሆን ልቅነት አለው።

— «ላርጁ በደንብ ይሆናቸዋል፣ 3 ሴንቲ ሜትር በየጎኑ ይላላል። ርዝመቱ 138 ነው፣ ከታች ማሳጠር ካስፈለገ እኛ እናሳጥራለን፣ ለእሱ አይከፍሉም። ባሕር ዳር ውስጥ ነዎት ወይስ ከከተማ ውጭ?»
— «እኔ ፔዳ ጊቢ ነኝ፣ እናቴ ዳንግላ ናት»

ዳንግላ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ዕቃው ሐሙስ ጠዋት ከመናኸሪያ ቢነሣ ያኑ ቀን ይደርሳል።

— «ሐሙስ ጠዋት በመኪና እንልካለን። የሹፌሩን ስልክና የመኪናውን ታርጋ እልክልዎታለሁ፤ እዚያ የሚቀበል ሰው ይኑር። ዕቃው 4,800፣ መላኪያው 150፣ በድምሩ 4,950 ብር። በቴሌብር ይሻልዎታል ወይስ በባንክ?»

ልብ ይበሉ፣ «ይገዛሉ?» የሚል ጥያቄ የትም አልተጠየቀም። እያንዳንዱ መልስ አንድ እንቅፋት አንሥቶ ቀጣዩን ትንሽ ውሳኔ ይጠይቃል። መላኪያው ተደምሮ አንድ ቁጥር ሆኖ መነገሩም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከፍሎ ከጨረሰ በኋላ «150 ደግሞ ለመኪና» የሚባል ሰው እንደ ተታለለ ይሰማዋል።

«የመጨረሻው ስንት ነው?» ሲሉስ?

ይህ መልካም ምልክት ነው። የማይገዛ ሰው አይከራከርም። ግን ከመቀነስዎ በፊት ሒሳቡን ይወቁ። ቀሚሱ ከነነጠላው በ3,700 የመጣ ከሆነ፣ ማሸጊያና ባጃጅ 150 ቢወጣ፣ ከ4,800 ላይ የሚተርፍዎ 950 ብር ነው። 500 ብር ቀነሱ ማለት ከትርፍዎ ከግማሽ በላይ ሰጡ ማለት ነው፤ ደንበኛው ግን የሚያየው አሥር በመቶ ገደማ ቅናሽ ነው።

ዝም ብሎ የተቀነሰ ዋጋ ሌላም ጣጣ አለው። 4,800 ብለው በአንዲት መልእክት 4,300 ካደረሱት፣ ሰውየው የመጀመሪያው ዋጋ ውሸት እንደ ነበር ይረዳና 4,000 ይሞክራል። ስለዚህ ሲቀንሱ አንድ ነገር ይቀየር፦ «ነጠላው ቤት ካለ ቀሚሱንና መቀነቱን በ4,000 እሰጥዎታለሁ»፣ ወይም «ሁለት ከወሰዱ በሁለቱ ላይ 400 እቀንሳለሁ»፣ ወይም «ዋጋው ይኸው ነው፣ ከተማ ውስጥ ከሆኑ የባጃጁን እኛ እንችላለን»። የባጃጁን መቻል ከእርስዎ ኪስ የሚያወጣው ትንሽ ነው፣ ደንበኛው ዘንድ ግን ትልቅ ይመስላል።

ገበያችን ክርክር የለመደ ስለሆነ «ዋጋችን ቁርጥ ነው» የሚል ሱቅም ይኖራል፤ ያዋጣል፣ ግን ለሁሉም ደንበኛ እኩል ሲሆን ብቻ።

ዋጋውን ነግረን ዝም ቢሉስ?

በማግስቱ አንድ ጊዜ ይጻፉ፣ ባዶ እጅዎን ግን አይሂዱ። «ምን ወሰኑ?» ዕዳ መጠየቅ ይመስላል። በደጅ ብርሃን የተነሣ የጥለቱን ቅርብ ፎቶ፣ ወይም ተለብሶ የሚታይበትን አጭር ቪዲዮ ይላኩ፦ «ትናንት የጠየቁት ቀሚስ በፀሐይ ብርሃን እንዲህ ነው የሚታየው።» ሱቅ ውስጥ በመብራት የሚነሣ ፎቶ ነጩን ፈትል ቢጫ ያደርገዋል፤ ዝም ያለው ሰው ያልወደደው ቀለሙን ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው መልእክት ምክንያት ሲኖር ብቻ ነው፤ የጠየቀው ልክ አንድ ሲቀር፣ ወይም በዓሉ ሊደርስ ሲልና ልብስ ሰፊው ትእዛዝ መቀበል ሊያቆም ሲል። እውነት ካልሆነ ግን «አንድ ብቻ ቀርቷል» አይበሉ፤ በሳምንቱ ያው ፎቶ ተመልሶ ሲለጠፍ ያየዋል። ከሁለት በኋላ ይተዉት።

ቶሎ መመለስ ምን ያህል ወሳኝ ነው? መብራትና ኔትወርክ ሲጠፋስ?

ሰውየው ስልኩ እጁ ላይ እያለ የደረሰው መልስ ይሻላል፤ «ዋጋ» የሚል መልእክት ለሦስት ሱቅ ነው የሚላከው፣ የቀደመው ይነጋገራል። መልሱን በየጊዜው መጻፍ ስለሚያደክም አስቀድመው ያዘጋጁ። የቴሌግራም ቢዝነስ አገልግሎት፣ ፕሪሚየም ለገዛ፣ ፈጣን መልሶችን ያስቀምጣል፤ / ሲጽፉ ይመጣሉ። በዋትሳፕ ቢዝነስ ደግሞ በነጻ ይገኛል። ያለ እነሱም በስልክዎ ማስታወሻ ላይ የእያንዳንዱን ቁጥር መልስ ጽፎ መቅዳት ይቻላል። ዕቃው ሲያልቅ ማስታወሻውን ወዲያው ማረም እንዳይረሳ፤ ያለቀ ልብስን «አለ» ማለት ከመዘግየት የከፋ ነው።

የማይገኙበት ሰዓት ላይ በራሱ የሚሄድ መልእክት ካስቀመጡ ሰዓት ይጻፉበት፦ «ከጠዋቱ 2:30 ጀምሮ እንመልሳለን።» «በቅርቡ እናገኝዎታለን» የሚለው ምንም አይናገርም።

መቼ ነው ቀብድ የሚጠየቀው?

ሱቅ ውስጥ ላለ ልብስ እስከ ነገ ማታ ያለ ቀብድ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ሰዓቱን ግን ቁርጥ አድርገው ይንገሩ፣ ሲያልፍም ይልቀቁት። በልክ ለሚሰፋ ግን ያለ ቀብድ መቀስ አይነሣ፤ በአንዲት ሴት ልክ የተቆረጠ ጨርቅ ለሌላ መሸጥ ይከብዳል። ቢያንስ የጨርቁን ዋጋ የሚሸፍን ቢሆን ይመረጣል፣ ምን ያህል እንደሆነና መቼ እንደማይመለስም በጽሑፍ ይላክ።

ክፍያ ሲደርስ የተላከልዎን የስክሪን ፎቶ ሳይሆን የራስዎን ሒሳብ ይመልከቱ። ፎቶ ይቀናበራል፣ ያለፈ ሳምንት ደረሰኝም ዳግመኛ ይላካል። ገንዘቡ ሒሳብዎ ላይ ሳይታይ ዕቃው ወደ መናኸሪያ አይሂድ። ደንበኛው ቢቸኩልም «ገና አልገባልኝም፣ እንደገባ ወዲያው እልካለሁ» ማለት ነውር የለውም፤ የከፈለ ሰው ይህን ሲሰማ ቅር አይለውም፣ የግብይት ቁጥሩን ራሱ ይልክልዎታል።